የማትነቃነቀው ዜሮ

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ዳባት፣ እሑድ ከሰዓት፣ ልጄ በሳምንቱ ቀናት የምትቀመጥበት ዴስክ ላይ ጉልበቴን አጣጥፌ። ከዚያ በፊት የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነበር። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም። በኋላ ከዲግሪ ጋር ስለተጣላሁ፣ የተጣላሁት በምን ስንቅ እንደነበር እንዲታወቅልኝ ነው።

ደባርቅ የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን የገባሁት በጫንቃዬ ነው፤ ተሸካሚ ሆኜ። ማንበብ ስችል ሚዛን ላይ አቆሙኝ። የነበረው መጋዘን ጠባቂ ጡረታ ሲወጣ ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። ለምን ለእኔ እንደሰጡኝ አውቃለሁ፤ የተማረ ሰው በዚያ ደመወዝ አይጥ ከሚሮጥበት ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ አይቆምም።

ቁልፉን ስቀበል አንድ ነገር ከተሸካሚነቴ ይዤ ገባሁ። ተሸካሚ ሆኜ ማንበብ ባልችልም መቁጠር እችል ነበር፤ የምንከፈለው በጆንያ ስለሆነ በጆንያ ቁጥር መታለል አንወድም። አንድ ጆንያ ደፉን ሲያልፍ በሩ ላይ አንድ ጭረት በከሰል። አራት ቋሚ፣ አምስተኛው አግድም። የገባው በግራው መዝጊያ ጀርባ፣ የወጣው በቀኙ መዝጊያ ጀርባ። ደረሰኝ መጻፍ ከጀመርኩ በኋላም አልተውኩትም። ደረሰኙን የምጽፈው ለቢሮው ነበር፤ ጭረቱን ለራሴ።

ነገሩ የሆነው ከሚሊኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በግንቦት ማለቂያ ነው። በዚያ ዓመት የገብስ ዘር መጥቶልን ነበር። በኮታ የተደለደለው ለአሥራ ሁለት ቀበሌ፣ ለእያንዳንዱ አባወራ ሃያ አምስት ኪሎ። ጆንያው ሁሉ ሃምሳ ኪሎ ነው፤ አፉ በማሽን የተሰፋ። ሁለት ጆንያ አንድ ኩንታል፣ አንድ ኩንታል አንድ አጋሰስ። ይህን ሒሳብ በቅሎዎቹ ራሳቸው ያውቁታል።

ቢሮው ግን በዚያ ዓመት ወደ ኮምፒውተር ገብቷል። አንድ ባለሙያ መጣልን፤ ጫማው የሚያበራ፣ ቃላቱ ግማሹ እንግሊዝኛ። እኔን «ፋዘር» ይለኛል። የጻፍኩትን የወጪ ደረሰኝ አንድ ቀን አንስቶ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየውና፣

«ፋዘር፣ ይሄ ጽሑፍ ነው ወይስ ዶሮ ጭራበት ነው?» አለ።

ቢሮው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ደመወዝ የሚጠብቅ ሰው ይስቃል። ከዚያ በኋላ ወጪውን ከእኔ ደረሰኝ መመዝገብ ተወ። የቀበሌ የግብርና ሠራተኞች በሚልኩት ሪፖርት ይሞላ ጀመር። የእነሱ ጽሑፍ ያምራል።

አሥራ አንዱ ቀበሌ ዘሩን ወሰደ። የቀረው ጊች ነበር። ጊች ከሁሉም በላይ፣ ብርዱ ውስጥ ነው፤ ከገብስ ሌላ የሚያወጣላቸው እህል የለም። ሁለት መቶ አርባ አባወራ፣ ስድሳ ኩንታል። ዝናቡ አፋፉ ላይ ደርሶ ነበርና ተራቸው ሲደርስ ሃያ አምስት አጋሰስ እየነዱ ወረዱ። ከፊታቸው አንድ ቄስ፣ ጥምጣማቸው በመንገድ አቧራ የቡላ መልክ የያዘ። በቅሎዎቹን ግቢ አስገብተው ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ። ወዲያው ወጡ። ወደ መጋዘኑ መጡና፣

«ልጄ፣ ዘሩ አልቋል አሉን» አሉኝ።

«ማን አለ፣ አባ?»

«አለቃህ። ሳጥኑን ከፍቶ አየና ዜሮ ነው አለ።»

ዞር ብዬ ከኋላዬ አየሁ። አንድ መቶ ሃያ ጆንያ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ቄሱም በትከሻዬ ላይ አሻግረው አዩ።

«እኛ የሚታየን ጆንያ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ዜሮ የሚሉትን ግን አላየነውም። የት ነው ያስቀመጥከው?»

እሳቸውን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወረቀት የሚያምን ሰው ነበር። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ዓይኑን ያምናል።

«ጌታዬ፣ መቶ ሃያ ጆንያ መጋዘን አለ» አልኩት።

«ሊኖር አይችልም።»

«ይምጡና ይዩት።»

መጣ። አየ። አንዱን ጆንያ በእርሳሱ ጫፍ ወጋ አደረገው፤ ሊጠፋ ይችላል ብሎ ይመስለኛል። ከዚያ ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ ጠቆረ።

«በመዝገብ የሌለ እህል ከየት መጣ?»

«ከጎንደር በመኪና ነው የመጣው።»

«ቀልድ ተው! የመጣው ሁሉ ወጥቷል ይላል። ወጥቷል ከተባለ በኋላ እዚህ ከተገኘ፣ አልወጣም ማለት ነው። ለገበሬው አጉድለህ ሰጥተህ ሙሉ እንደወሰደ ጣቱን አስነክተኸዋል።»

ጣት የሚለው ቃል እዚህ ገባኝ፤ አልወጣም። ሠላሳ አራት ዓመት ጣቴን ያስነኩኝ ሰዎች ምን እንዳስፈረሙኝ ሳላውቅ ኖሬአለሁ። ያንን በሌላ ሰው ላይ አደረግህ መባል፣ ሌባ ከመባል ይብሳል። ደግሞ እዩት ጥበቤን፦ እህል ሰርቄ፣ የሰረቅሁትን እዚያው በሰረቅሁበት ቤት ደርድሬ፣ ቁልፉን በኪሴ ይዤ፣ አለቃዬን ና እይልኝ ብዬ ጠራሁት።

«ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው መጋዘኑን ያሽጋል» አለ። «ኦዲተር ከጎንደር እስኪመጣ አንድ ጆንያ አይነቃነቅም።»

«መቼ ይመጣል?» አሉ ቄሱ።

«ሦስት ሳምንት፤ ቢፈጥን።»

ቄሱ ወደ ሰማዩ ቀና አሉ። ከተራራው በኩል ደመናው ተቋጥሯል። «በሦስት ሳምንት ዘሩን አታምጡልን» አሉ። «ያኔ ለቀለብ እንጂ ለዘር አይሆንም። መሬቱን አርሰን፣ አለስልሰን ነው የወረድነው።»

«አባ፣ እኔ ምን ላድርግ? ሲስተሙ ዜሮ ይላል።»

ባለሙያውን ልጠይቅ ብል የለም። ጎንደር ሄዷል፤ ለስልጠና። የስልጠናው ርዕስ ኮምፒውተር ነበር። አበል አለው።

የጊች ሰዎች በቅሎዎቻቸውን ገበያው ዳር አሰሩ። እኔ ቤቴ ገብቼ እራት አልበላሁም ብዬ አላጋንንም፤ በላሁ። ግን በማግስቱ ጠዋት ቢሮው ሲከፈት ከበሩ የቆምኩት የመጀመሪያው እኔ ነበርኩ። የሄድኩት ወደ ጸሐፊዋ ነው።

ጸሐፊያችን የእኔ እኩያ ናት። ሃያ ዓመት ታይፕ መትታለች፤ ጣቶቿ ቁልፍ ሲነኩ አሁንም በር የሚያንኳኩ ይመስላል። ታይፑን ወስደው ኮምፒውተር ሲሰጧት ለአሥር ቀን ኮርስ ላኳት፤ ከዚያ መልሰው «አንቺ ፕሪንት ብቻ አድርጊ» አሏት። የባለሙያው ፋይል የሚታተመው ከእሷ ዘንድ ነው።

«አያ መጋዘን፣ ዛሬ ያሽጉሃል አሉ» አለችኝ ገና ስገባ።

«መጋዘኑን ነው የሚያሽጉት።»

«እሱን ካሸጉ አንተ ምን ትቀራለህ? በል ተቀመጥ።»

«ያንን ዜሮ አሳዪኝ» አልኳት።

ከፈተችው። ኤክሴል ይሉታል። ሰሌዳው በመስመር የተከፋፈለ ነው፤ እንደ እርሻ ድንበር። ሦስት ገጽ አለው፤ አንዱ ገቢ፣ አንዱ ወጪ፣ አንዱ ማጠቃለያ። ማጠቃለያው ላይ ሦስት ቁጥር ተጽፏል። ገቢ አራት መቶ። ወጪ አንድ ሺ አምስት መቶ ስድሳ ስምንት። ቀሪ ዜሮ።

አየሁት። ደግሜ አየሁት። እኔ የእሑድ ተማሪ ነኝ፤ ስሕተቱ የእኔ ይሆናል ብዬ ሦስተኛ አየሁት።

«እትዬ፣ አራት መቶ ገብቶ ሺ አምስት መቶ ወጣ ይላል?»

«ይላል።»

«ቀረ ደግሞ ዜሮ?»

«እኔ የማትመው ነው» አለች። «አላነበውም። አንብቢ ተብዬ አላውቅም።»

«አለቃችንስ?»

«እሱ የሚያነበው የመጨረሻዋን ነው። ከሥሯ ይፈርማል።»

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቅኳት። ያኔ ነው ያሳየችኝ። አንዷን ሳጥን በማውስ ስትነካት፣ ከላይ ባለው ረጅም መስመር ላይ የሳጥኗ ሆድ ይታያል። ገቢዋን ነካች። ላይ በኩል የእኩል ምልክት፣ ከዚያ የመደመር ትእዛዝ፣ ከዚያ ከየትኛው ረድፍ እስከ የትኛው እንደሚደምር ወጣ።

«ከእኩል ምልክት ከጀመረ ያስባል» አለችኝ። «በኮርሱ እንዲህ ነው የነገሩን። ካልጀመረ ሰው በእጁ የጻፈው ነው፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል።»

ይህች አንዲት ነገር ብቻ ናት ስለ ኮምፒውተር የማውቀው። እስከ ዛሬ በቅታኛለች።

«የስንት መኪና ደመረ?» አልኳት።

«ከአምስተኛው ረድፍ እስከ አሥራ ሁለተኛው። ስምንት መኪና።»

«የመጣው ዘጠኝ ነው።»

ወደ ገቢው ገጽ ሄደች። ዘጠኙም መኪና አለ። ስምንቱ ሃምሳ ሃምሳ ኩንታል ጭነው የመጡት፣ ከዚያም ዘጠነኛው አርባ ኩንታል የጫነው፤ አሥራ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ታርጋው ሳይቀር ተመዝግቧል። አመዘጋገቡ ልቅም ያለ። ድምሩ ግን ከእሱ በላይ ያለው ረድፍ ላይ ይቆማል። ያ መኪና ሌሎቹ መጥተው ካበቁ ከሳምንት በኋላ፣ ዳባት ላይ ተበላሽቶ የመጣው ነው። ዘግይቶ የመጣውን እንግዳ ቤት አስገብተው ምሳ ሳያቀርቡለት እንደ መተው ነው።

አሥራ ሁለቱን አሥራ ሦስት አደረገችው። ገቢው ዓይኔ እያየ አራት መቶ አርባ ሆነ። በግራው መዝጊያ ያለኝ ጭረት ስምንት መቶ ሰማንያ ነው፤ በኩንታል አራት መቶ አርባ።

ወደ ወጪው ገጽ ሄድን። የዓምዱ ራስ ላይ «ኩንታል» ይላል። አሥራ አንድ ቀበሌ ተደርድሯል። አርባ ሁለት፣ ሠላሳ አምስት፣ ሃምሳ እያለ ይወርድና መሃል ላይ አንድ ሺ ሁለት መቶ ይላል።

«ይሄ ማነው?» አልኩ።

የቀበሌውን ስም አነበበችልኝ። አርባ ስምንት አባወራ ያላት ትንሽ ቀበሌ ናት። ሃያ አራት ጆንያ ነው የሰጠኋቸው፤ አሥራ ሁለት ኩንታል። ሪፖርቱን የላከው የግብርና ሠራተኛ በኪሎ ጽፎት ነበር፤ አንድ ሺ ሁለት መቶ ኪሎ። እውነቱን ነው፣ ልክ ነው። ባለሙያው ኩንታል ከሚለው ዓምድ ሥር እንዳለ አስገባው።

«አንድ ሺ ሁለት መቶ ኩንታል» አለች ጸሐፊዋ። «ለአርባ ስምንት ቤት?»

«ለአንድ ቤት ሃያ አምስት ኩንታል ይደርሳል። ማጀታቸውን ብቻ ሳይሆን ጣሪያቸውንም ዘርተውበታል።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በዶሮ ጭረቴ የጻፍኩት ደረሰኝ ከመሳቢያዋ ወጣ፤ «ጆንያ 24፣ ኩንታል 12» ይላል። ዶሮዋ ልክ ጭራ ነበር።

አሥራ ሁለት ብላ ጻፈች። ወጪው ወርዶ ሦስት መቶ ሰማንያ ሆነ። በቀኙ መዝጊያ ጭረቴ ሰባት መቶ ስድሳ ነው። ልክ።

«አሁን ማጠቃለያው ስድሳ ይላል» አልኩና በወንበሩ ተደገፍኩ።

ገለበጠችው። ገቢ አራት መቶ አርባ። ወጪ ሦስት መቶ ሰማንያ። ቀሪ ዜሮ።

ሁለታችንም ወደ ሰሌዳው ተጠጋን። ውጭ የአንዲት በቅሎ ኮቴ ይሰማል።

«ከአራት መቶ አርባ ሦስት መቶ ሰማንያ ሲቀነስ» አልኩ፣ «ዳባት ላይ ስድሳ ነበር። ደባርቅ ላይ ተለውጧል እንዴ?»

ዜሮዋን ነካቻት። ላይኛው መስመር ላይ የእኩል ምልክት የለም። መቀነስ የለም። አንዲት ክብ ዜሮ ብቻ፤ ራቁቷን። ያኔ ጸሐፊዋ እጇን ከማውሱ አነሳች።

«ውይ! ትዝ አለኝ» አለች። «አንድ ቀን እዚሁ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ቀሪው ማይነስ አንድ ሺ ምናምን አለበት። ቢያገላብጠው ቢያገላብጠው እንቢ አለ። ከዚያ ‹ማይነስ ለአለቃ አይቀርብም› አለና አንድ ቁልፍ መታ። ‹አሁን ፕሪንት አድርጊ› አለኝ።»

ይኸው ነው። ሁለት መቶ አርባ ቤት የሚዘራውን ያጣው፣ እኔም የገበሬ ጣት ሸጫለሁ የተባልኩት፣ በአንድ ቁልፍ ነው። ፋይሉ በማይነስ ሆኖ እየጮኸ ነበር፤ «ታምሜአለሁ፣ አንድ ነገር ተበላሽቷል» እያለ። የተማረው ሰው አፉን በዜሮ ከደነበት።

ጸሐፊዋ ዜሮዋን አጥፍታ የእኩል ምልክት መታች፤ ገቢዋን ነካች፣ የመቀነስ ምልክት፣ ወጪዋን ነካች። ስድሳ መጣ። አተመችው። ወረቀቱ ገና ሞቅ እንዳለ ይዘነው ሄድን።

ኮሚቴው ተሰብስቦ ነበር፤ ሰም፣ ክር፣ ማኅተም ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ባለሙያውም ከጎንደር ደርሷል፤ ሰርተፊኬቱን በፕላስቲክ ይዟል። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አየና ከኪሱ መነጽር አወጣ። እኔ አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ መኪናው፣ ኪሎው፣ ዜሮው። ከዚያ መጋዘኑ ድረስ ወስጄ መዝጊያዎቹን አሳየኋቸው። ቄሱም ተከትለው መጡ። ጭረቱን እያንዳንዱን በጣታቸው እየነኩ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ቆጠሩት፤ ውዳሴ ማርያም የሚደግሙ ይመስላል።

«ልክ ነው» አሉ ሲጨርሱ። ለሥራ አስኪያጁ ሳይሆን ለእኔ።

«የእኔን ፋይል እንድትነኪ ማን ፈቀደልሽ?» አለ ባለሙያው፤ ለጸሐፊዋ።

«ፕሪንት ሳደርግ ተነካብኝ» አለችው።

«ማይነር የፎርማት ችግር ነው» አለ ወደ አለቃው ዞሮ። «በኔ ኦሪጅናል ላይ አስተካክለዋለሁ። የሷን አንጠቀምም፤ ኦፊሻል አይደለም።»

«አስተካክል» አለ ሥራ አስኪያጁ። ይቅርታ ከእሱ አልጠበቅሁም፤ አልመጣም። ሰሙን ግን ወደ መሳቢያው መለሰው። ባለሙያው የራሱን ፋይል ከፍላሽ ከፈተ፤ ጥቂት ቆይቶ አትሞ አመጣ። አራት መቶ አርባ፣ ሦስት መቶ ሰማንያ፣ ስድሳ። ሥራ አስኪያጁ ከመጨረሻዋ ቁጥር ሥር ፈረመ። ከስድስት ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል የመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ጆንያዎች በሃያ አምስት አጋሰስ ከግቢው ወጡ።

በሦስት ጉዞ ጨረሱት። በመጨረሻው ጉዞ ሃያ ጆንያ ብቻ ስለቀረ አሥር አጋሰስ መጣ። ቄሱ የታችኛውን ማሳ ዘርተን ጨርሰናል አሉኝ፤ የላይኛው ቢቀር ሁለት ቀን ነው። ዝናቡ ሊማሊሞን ይዞት ነበር። መጋዘኔን ጠረግሁ። አይጦቹ ተከፍተው ወደ ጎረቤት ሄዱ።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ባለሙያው ከአጠገቡ ቆሟል። ኮምፒውተሩ ተከፍቷል።

«የጊች ወጪ ተመዝግቧል» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። «ሲስተሙ ግን ስድሳ ኩንታል መጋዘን አለ ይላል። ሄጄ አየሁ፤ ባዶ ነው። ስድሳው የት ሄደ?»

ሰሌዳውን አየሁ። ገቢ አራት መቶ አርባ። ወጪ አራት መቶ አርባ። ቀሪ ስድሳ።

የተማሩ ሰዎች ፊት መሳደብ ስለማይፈቀድልኝ ትንፋሼን ዋጥኩ። ባለሙያው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዘመን መቁጠሪያ ያነባል።

«ጌታዬ» አልኩት፣ «ማውሱን ይያዙት።»

«ለምን?»

«ያቺን ስድሳ ይንኳትና ላይኛውን መስመር ይዩ። ከእኩል ምልክት ትጀምራለች?»

ነካት። መነጽሩን አስተካክሎ አንገቱን አስረዘመ። ላይኛው መስመር ላይ ስድሳ ብቻ ነበር፤ ስድስትና ዜሮ፤ በእጅ የተጻፈ። በፊት የነበረችው ዜሮ ከፊቷ ስድስት ተጨምሮላት እዚያው ተቀምጣለች።

ሥራ አስኪያጁ ከእሷ በስተላይ ያለችውን ወጪዋን በራሱ እጅ ነካ። ቀጥሎ ገቢዋን። እያንዳንዷን እየነካ ላይኛውን መስመር ያነባል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ልክ እንደ ቄሱ። ወደ ባለሙያው ሳይዞር፣

«ወንበር ሳብና ተቀመጥ» አለው። «ሌሎቹንም ገጾች አንድ በአንድ እናያለን። ጸሐፊዋንም ጥራት።»

እኔን ሂድ አላለኝም፤ ቁም አላለኝም። ወጣሁ። መጋዘኔን ከፍቼ ከሰሌን አነሳሁ፤ በቀኙ መዝጊያ ላይ ከመጨረሻው ጭረት ሥር አንድ ረጅም መስመር አሰመርኩና ሒሳቡን ዘጋሁት።